የካሳ ሕጉ መቼ ፀና? የአዋጅን ጽሑፍ ከነጋሪት ጋዜጣ አውጥቶ ቀኑን የማረጋገጫ መንገድ፣ ደረጃ በደረጃ

መቀሌ ወደ ኩሓና ወደ ሌሎቹ ዳርቻዎቿ እየሰፋች ስትሄድ፣ የእርሻ መሬታቸው ለመንገድ ወይም ለግንባታ የሚፈለግባቸው አርሶ አደሮች መጀመሪያ የሚጠይቁት ካሳው ስንት እንደሆነ ነው። መልሱ ግን ከሰብሉ ዋጋ በፊት በአንድ ቀን ላይ ይወሰናል። መሬቱ እንዲለቀቅ በተወሰነበት ዕለት በሥራ ላይ የነበረው ሕግ የትኛው ነው?

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት፣ የገጠር መሬቱን ለዘለቄታው የሚለቅና ምትክ መሬት ያላገኘ ባለይዞታ የመፈናቀያ ካሳው የሚሰላው መሬቱ ከመለቀቁ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ካገኘው ዓመታዊ ገቢ አማካይ በአሥር ተባዝቶ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ ይወሰድና በአሥራ አምስት ይባዛል። እንበልና አንድ ማሳ በአምስት ተከታታይ ዓመታት 20,000፣ 22,000፣ 30,000፣ 26,000 እና 28,000 ብር አስገኝቷል። በቀድሞው ሕግ አማካዩ 25,200 ስለሆነ ካሳው 252,000 ብር ይሆናል። በአዲሱ ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ከፍተኛው 30,000 ነውና ካሳው 450,000 ብር ይደርሳል። ማሳውም ገበሬውም ያው ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው 198,000 ብር የሚመጣው ከሕጉ ቀን ነው።

አሁን መሬቱ እንዲለቀቅ የሚያዘው ደብዳቤ ነሐሴ 25 ቀን 2011 ዓ.ም የተጻፈለት ሰው አለ እንበል። አዋጁ «1161/2011» ስለሚል፣ ደብዳቤውም በ2011 ስለተጻፈ፣ አዲሱ ሕግ ይመለከተኛል ብሎ ያምናል። እውነት ይመለከተው እንደሆነ ለማወቅ የሚከተሉትን ደረጃዎች እንሂድባቸው። ነገሩ በካሳ ሕግ ቢታይም መንገዱ ለሠራተኛ፣ ለግብርም ሆነ ለንግድ ሕግ አንድ ነው።

ደረጃ 1፦ የትኛው ጋዜጣ እንደሆነ ይለዩ

መቀሌ ውስጥ ሁለት ነጋሪት ጋዜጦች ይሠራሉ። አንደኛው በ1987 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 3 የተቋቋመው ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ነው፤ የሚወጣው በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠባቂነት፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው። ሁለተኛው የክልሉ ምክር ቤት ሕጎች በትግርኛ የሚወጡበት የትግራይ ነጋሪት ጋዜጣ ነው። በመሬት ጉዳይ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም መያዝ ያስፈልጋል። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ስለሚለቀቅበትና ካሳ ስለሚከፈልበት ሁኔታ የሚደነግገው የፌዴራሉ ሕግ ሲሆን፣ የገጠር መሬት ባለይዞታ ማን እንደሆነና መብቱን በምን እንደሚያረጋግጥ ለማወቅ የክልሉ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ይታያል። የክልሉ አዋጅ ራሱ በየጊዜው ተለዋውጧል፦ 23/1989፣ 97/1998፣ 136/2000፣ ከዚያም 239/2006። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የተሰጠበት ዓመት ከእነዚህ ቁጥሮች በየትኛው ዘመን እንደሚወድቅ ማየት ይጠቅማል።

ቁጥርን ብቻ ይዞ መፈለግ አያዋጣም። የክልሉ አዋጆች ቁጥር ከፌዴራሉ የተለየ ነው፤ የፌዴራሉም በ1987 እንደገና ከአንድ የጀመረ ስለሆነ በንጉሡና በደርግ ዘመን ከወጡት አዋጆች ቁጥር ጋር ይጋጫል። ደንብም ከአዋጅ ተለይቶ በራሱ ተራ ይቆጠራል። ስለዚህ ሁልጊዜ አራቱን አብረው ይጻፉ፦ ያወጣው አካል፣ ዓይነቱ (አዋጅ ወይም ደንብ)፣ ቁጥሩ፣ ዓመቱ።

ደረጃ 2፦ የጋዜጣውን እትም ራሱን ያግኙ

የሚፈለገው ጋዜጣው እንደታተመ ያለ ገጽ ነው፤ ሰው በኮምፒዩተር የገለበጠው ጽሑፍ አይበቃም። የፌዴራሉ እትሞች አዲስ አበባ በብርሃንና ሰላም ማተሚያ ድርጅት ይታተማሉ። በስካን የተቀረጹትን ከምክር ቤቱ ድረ ገጽ `www.hopr.gov.et` መፈለግ ይቻላል። መቀሌ ላለ ሰው ወረቀቱን ለማየት የሚቀርበው የዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ክፍል ያለበት የዓዲ ሓቂ ግቢ ቤተ መጻሕፍት፣ የፍርድ ቤት ቤተ መጻሕፍት ወይም ጥራዙን ዓመት በዓመት የሚያስጠርዝ የጠበቃ ቢሮ ነው። የክልሉን ጋዜጣ ግን ከክልሉ ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ወይም ከፍትሕ ቢሮ መጠየቅ ይሻላል።

በድረ ገጽ ሲፈልጉ የዘመን አቆጣጠሩ እንዳያሳስትዎ። አዋጅ 1161/2011 በእንግሊዝኛው ዓምድ 1161/2019 ነው፤ 455/1997ም እዚያ 455/2005 ይባላል። የፋይሉ ስም ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛው ዓመት ስለሚቀመጥ፣ ዓመቱን ትተው «1161» ብቻ ብለው ቢፈልጉ ቶሎ ያገኙታል።

የመቀሌ መደርደሪያዎች ላይ በተለይ አንድ ዘመን በጥንቃቄ ይታይ። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 በጦርነቱ ምክንያት መንገድ፣ ፖስታ፣ ስልክና ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጠው ነበር። በዚያ ጊዜ አዲስ አበባ ላይ ጋዜጣው መታተሙን አላቆመም። ለምሳሌ አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ የወጣው ሚያዝያ 4 ቀን 2013 ዓ.ም ነው። በእጅዎ ያለው ጥራዝ በእነዚህ ዓመታት ላይ የሚዘል ከሆነ «ማሻሻያ የለም» ብለው አይደምድሙ። የጋዜጣውን ተራ ቁጥር እየቆጠሩ የትኛው እንደጎደለ ይመዝግቡና ከሌላ ቦታ ያሟሉ።

ደረጃ 3፦ የመጀመሪያውን ገጽ ራስጌ ያንብቡ

ይህ ገጽ ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው ነው፤ የቀኑ ማስረጃ ያለው ግን እዚህ ነው። ከጋዜጣው ስም በታች በግራ በኩል የጋዜጣው ዕድሜና የእትሙ ቁጥር ይገኛል፤ አጠገቡም የታተመበት ከተማና ቀን አለ። የ1161 ራስጌ «፳፭ኛ ዓመት ቁጥር ፺» ይላል፤ ቀኑ ደግሞ መስከረም ፲፪ ቀን ፪ሺ፲፪ ዓ.ም ነው። ዝቅ ብሎ በማውጫው ውስጥ አዋጅ ቁጥር ፩ሺ፩፻፷፩/፪ሺ፲፩ የሚለው ይከተላል።

ሁለቱን ዓመቶች ያስተያዩ። የአዋጁ ቁጥር ፪ሺ፲፩ ይላል፣ የጋዜጣው ቀን ፪ሺ፲፪። በአዋጁ ቁጥር አጠገብ ያለው ዓመት ጋዜጣው የወጣበትን ቀን አይናገርም። ምክር ቤቱ አዋጁን ካጸደቀው በኋላ ለፕሬዚዳንቱ ይቀርባል፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 57 መሠረት ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ይፈርማሉ፣ ካልፈረሙም ያለ ፊርማቸው በሥራ ላይ ይውላል። ከዚያ ሕትመቱ ይከተላል። በሰኔ ምክር ቤቱ ሳይበተን የሚያጸድቃቸው ብዙ አዋጆች ዘመን ሲለወጥ የሚታተሙት ለዚህ ነው። ተቃራኒውን ለማየት ከ1161 በፊት የወጣውን እትም ይመልከቱ። በቁጥር ፹፱ የታተመው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 ነሐሴ 30 ቀን 2011 ዓ.ም ስለወጣ፣ ቁጥሩም ቀኑም አንድ ዓመት ይላሉ።

የግዕዝ ቁጥሮቹን በቸልታ አያንብቡ። በደበዘዘ ስካን ላይ ፮ እና ፯ ይምታታሉ፣ ፷ ደግሞ ከሁለቱ ጋር ይመሳሰላል። ጥርጣሬ ካለ በእንግሊዝኛው ዓምድ ያለውን ቀን አይተው በዘመን መለወጫ ያረጋግጡ። ለዚህ አዋጅ እዚያ ያለው ሴፕቴምበር 23 ቀን 2019 ነው። 2011 ጳጉሜን ስድስት ቀን የነበራት ዓመት ስለሆነች 2012 የገባችው ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው፤ ስለዚህ 23ኛው ቀን መስከረም 12 ይሆናል። በተለመደው ሴፕቴምበር 11 የሚቆጥር ሰው መስከረም 13 ብሎ ይሳሳታል፤ የይግባኝ ወይም የቅሬታ ቀን ሲቆጠር ደግሞ አንዷ ቀን መዝገብ ታስዘጋለች።

ደረጃ 4፦ ወደ መጨረሻው ገጽ ይሂዱ

የአዋጁ የመጨረሻ አንቀጾች ሦስት ነገር ይነግራሉ። አንደኛው የተሻሩትን ሕጎች፣ ሁለተኛው የመሸጋገሪያ ድንጋጌውን፣ ሦስተኛው አዋጁ የሚፀናበትን ጊዜ። አብዛኛው የፌዴራል አዋጅ የሚጠቀምበት አነጋገር «ይህ አዋጅ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ከወጣበት ቀን ጀምሮ የፀና ይሆናል» የሚል ነው። እንዲህ ካለ ቀኑን ከራስጌው ይወስዳሉ፤ 1161 በዚህ መንገድ መስከረም 12 ቀን 2012 ፀንቷል።

ሁሉም ሕግ ግን እንዲህ አይደለም። አንዳንዱ ራሱ ቀን ይቆርጣል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔርና የንግድ ሕጎች ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ታትመው፣ የፀኑት ከመስከረም 1 ቀን 1953 ጀምሮ ነው። የወንጀል ሕጉም በአዋጅ 414/1996 ወጥቶ ሥራ ላይ የዋለው ከግንቦት 1 ቀን 1997 ነው። አንዳንድ ሕግ ደግሞ ከሕትመቱ በፊት ያለ ቀን ይጠቅሳል፤ የግብርና የአስፈጻሚ አካላት አዋጆች ላይ ይህን ይጠብቁ። የክልሉን ጋዜጣ ሲያነቡም የፌዴራሉን ልማድ ይዘው አይሂዱ፤ ክልሉ ከጸደቀበት ቀን ጀምሮ ሊል ይችላል፣ ስለዚህ የመጨረሻውን አንቀጽ ሳያዩ ከራስጌው ቀን መነሳት አይገባም።

ከፊርማው በላይ ወይም በታች ሌላ ቀን ሊያዩ ይችላሉ። ብዙ ጊዜ ከራስጌው ቀን ጋር አንድ ነው። ቢለያዩ «ታትሞ ከወጣበት» የሚለው የሚመለከተው ራስጌውን ነው። ጋዜጣው ከተጻፈበት ቀን ዘግይቶ ሰው እጅ የሚደርስበት ጊዜ አለ፤ ይህ ለእርስዎ ጉዳይ ወሳኝ ከሆነ ጋዜጣውን የገዙበትን ደረሰኝ ያስቀምጡ፣ ክርክሩን ግን ለጠበቃ ይተዉት።

ደረጃ 5፦ ከቀኑ በኋላ የመጣውን ይከተሉ

እስካሁን ያገኙት የመጀመሪያውን ጽሑፍ ነው፤ ዛሬ የሚሠራበት መሆኑ ገና አልተረጋገጠም። የኢትዮጵያ ማሻሻያ አዋጅ ሙሉውን ሕግ አያሳትምም። «አንቀጽ ይህ ተሰርዞ በሚከተለው ተተክቷል» እያለ የተለወጠውን ብቻ ያወጣል። ስለዚህ የአሁኑን ጽሑፍ የሚሠራው አንባቢው ራሱ ነው።

የካሳው አዋጅ በ2016 በአዋጅ ቁጥር 1336/2016 ተሻሽሏል፤ ካሳውን የሚከፍለው ማን ነው የሚለው ከተነኩት ነገሮች አንዱ ነው። ሥራው እንዲህ ነው፦ የ1161ን ኮፒ ያውጡ፣ 1336ን ከጎኑ ያስቀምጡ፣ ማሻሻያው የጠራውን እያንዳንዱን አንቀጽና ንዑስ አንቀጽ በዋናው ኮፒ ላይ በእርሳስ ይሰርዙ፣ በኅዳጉ «በ1336/2016» ብለው የማሻሻያውን የፀናበት ቀን ጭምር ይጻፉ። ያልተጠራ አንቀጽ እንዳለ ይቆያል። የንዑስ አንቀጽ ቁጥር ከተሸጋሸገ በተለይ ይጠንቀቁ፤ ከዚያ በኋላ «ንዑስ አንቀጽ 3» ሲባል የድሮው ሦስት ይሁን የአዲሱ መለየት አለበት።

ከማሻሻያ ሌላ ጋዜጣው «ማረሚያ» ብሎ የሚያወጣቸው የሕትመት ስሕተት እርማቶች አሉ። አጭር ስለሆኑ በስካን ስብስቦች ውስጥ ብዙ ጊዜ ይጠፋሉ። በአንቀጹ ውስጥ ቁጥር ወይም መቶኛ ያለበትን ሕግ ሲጠቀሙ ማረሚያ እንዳለው መጠየቅ ይገባል።

ሙሉ በሙሉ የተሻረ የሚመስል ሕግም ከፊሉ ሊኖር ይችላል። አዲሱ የንግድ ሕግ የ1952ቱን 1ኛ፣ 2ኛና 5ኛ መጻሕፍት ተካ እንጂ ኢንሹራንስን የያዘው 3ኛውና ተላላፊ ሰነዶችን የያዘው 4ኛው መጽሐፍ ቀርተዋል። የድሮውን ጥራዝ የጣለ ሰው ዛሬ ስለ ቼክ የሚከራከርበትን ሕግ ጥሏል።

ደረጃ 6፦ የሐሰቱን ቅጂ ይለዩ

በቴሌግራም የሚዘዋወረው ብዙው «አዋጅ» ረቂቅ ነው። መለያው ግልጽ ነው፦ የጋዜጣ ራስጌ የለውም፣ በቁጥሩ ቦታ ባዶ ሰረዝ አለ፣ የገጹ ቁጥር ከአንድ ይጀምራል። እውነተኛው የጋዜጣ ገጽ ከዓመት ዓመት ተያይዞ የሚቆጠር ስለሆነ በቅርብ ዓመታት እትሞች ላይ በአምስት አኃዝ የተጻፈ ቁጥር ይይዛል። ምክር ቤቱ በረቂቁ ላይ ብዙ ጊዜ ለውጥ ስለሚያደርግ በረቂቅ ላይ ተመሥርቶ አቤቱታ መጻፍ አደገኛ ነው።

በሁለት ዓምድ ከተጻፈው አማርኛውና እንግሊዝኛው ከተጋጩ የሚፀናው አማርኛው ነው፤ ይህን ያለው የጋዜጣው ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 3/1987 ራሱ ነው። በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ የታተመን ሕግ የፌዴራልም የክልልም አካላት ሁሉ የማወቅ ግዴታ እንዳለባቸውም እዚያው ተደንግጓል። ስለዚህ «ሰርኩላር አልደረሰንም» የሚል ጽሕፈት ቤት ቢያጋጥምዎ የጋዜጣውን ቁጥርና ቀን ብቻ መጥቀስ በቂ ነው።

ደረጃ 7፦ ደንቡንና መመሪያውን አይርሱ

አዋጁን ለማስፈጸም የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጣው ደንብ ቁጥር 472/2012 ነው፤ ስሌቱ ዝርዝር የሚሆነው እዚያ ነው። ደንብ በጋዜጣ ይወጣል፣ ስለዚህ ከላይ ያለውን ሁሉ ይድገሙበት። መመሪያ ግን በጋዜጣ አይወጣም። የፌዴራል መሥሪያ ቤት መመሪያ ከሆነ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 እንዲመዘገብና በድረ ገጽ እንዲጫን ያዛል፤ ይህ ካልተሟላ ተፈጻሚ አይሆንም። የምዝገባ ቁጥሩን ይጠይቁ። ይህ አዋጅ የክልል ቢሮዎችን አይመለከትም፤ የክልሉን የካሳ መመሪያ ከቢሮው በማኅተም የተረጋገጠ ኮፒ አድርገው መውሰድ ይኖርብዎታል።

ደረጃ 8፦ ቀኖቹን በአንድ ወረቀት ያሰልፉ

ወደ ምሳሌያችን ሰውዬ ስንመለስ፣ የሚሰለፉት ቀኖች እነዚህ ናቸው፦ ደብዳቤው ነሐሴ 25 ቀን 2011፣ 1161 የፀናበት መስከረም 12 ቀን 2012። ስድስት ቀን የነበራት ጳጉሜን ስትቆጠር ደብዳቤው 23 ቀን ይቀድማል። አዲስ ሕግ ራሱ ወደ ኋላ እሠራለሁ ካላለ በቀር ያለፈውን አይነካም፤ ስለዚህ መነሻው 455/1997 እና የዚያ ዘመን ደንብ ቁጥር 135/1999 ናቸው። እዚህ ላይ ግን አይቁሙ። በዚያ ቀን የተጻፈው ውሳኔው ነው ወይስ ማሳሰቢያ ብቻ? ግምቱ የተሠራው፣ ገንዘቡ የተከፈለው፣ መሬቱ የተወሰደው መቼ ነው? የ1161 የመሸጋገሪያ ድንጋጌ ተጀምረው ላላለቁ ጉዳዮች የሚለውን ቃል በቃል ያንብቡና ከእነዚህ ቀኖች የትኛውን እንደሚይዝ ያመልክቱ። ደብዳቤው ማሳሰቢያ ብቻ ሆኖ ውሳኔው ጥቅምት 2012 ላይ የተሰጠ ከሆነ ክርክሩ በሙሉ ይለወጣል፤ ከላይ ያሰላነው 450,000 ብርም ይመጣል።

በአቤቱታው ላይ ሕጉን ሲጠቅሱ እንዲህ ሙሉ አድርገው ይጻፉት፦ «አዋጅ ቁጥር 1161/2011፣ ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ 25ኛ ዓመት ቁጥር 90፣ መስከረም 12 ቀን 2012 ዓ.ም፣ በአዋጅ ቁጥር 1336/2016 እንደተሻሻለ»። ጉዳዩ ከማሻሻያው በፊት ያለቀ ከሆነ የመጨረሻውን ሐረግ ያውጡት። ከአቤቱታው ጋር የጋዜጣውን የመጀመሪያ ገጽ፣ የጠቀሱት አንቀጽ ያለበትን ገጽና የመጨረሻውን ገጽ ኮፒ ያያይዙ፤ ሦስቱ ገጾች ካሉ ቅሬታ ሰሚው ሕጉንም ቀኑንም ለማረጋገጥ ወደ ሌላ ቦታ መላክ አያስፈልገውም።